የእርግዝና ስኳር፦ ከግሉኮሱ ብርጭቆ እስከ ማታው ኢንሱሊን

በ26ኛው የእርግዝና ሳምንቴ የተሰጠኝ የምርመራ ውጤት ሦስት ቁጥሮች ነበሩት፦ 97፣ 171 እና 148። ሁለቱ ከገደብ በታች መሆናቸውን አይቼ ወረቀቱን አጥፌ ልነሣ ስል ሐኪሟ መልሳ አስቀመጠችኝ። በባዶ ሆድ የተለካው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻውን የእርግዝና ስኳር እንዳለብኝ ለማለት ይበቃ ነበር። በኋላም ያደከመኝ እርሱ ነው፤ ስለዚህ እዚህም ሰፊውን ቦታ የሚይዘው የጠዋቱ ስኳር ነው።

1. ለምርመራው መዘጋጀት

ምርመራው በአብዛኛው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ይደረጋል። የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናትን ኢንሱሊን ሥራ ማዳከም የሚበረቱት በዚህ ጊዜ ነው፤ ቆሽት በዚያው ልክ ተጨማሪ ኢንሱሊን ካላመነጨ ስኳሩ በደም ውስጥ ከፍ ይላል።

ከምርመራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንደ ወትሮው ይብሉ። ብዙ ሴቶች ውጤቱ እንዲያምር ዳቦና ሩዝ ይተዋሉ። ይህ የሚያመጣው ተቃራኒውን ነው፤ ኃይል ሰጪ ምግብ የተለየው አካል በድንገት ብዙ ግሉኮስ ሲገባበት ቶሎ አይቋቋመውም፣ ውጤቱም ያለአግባብ ከፍ ሊል ይችላል። ከምርመራው በፊት ባለው ሌሊት ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አይቅመሱ።

2. የምርመራው ጠዋት

በባዶ ሆድ ደም ይወሰዳል፤ ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውኃ ይሰጥዎታል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱት። ሰዓቱ የሚቆጠረው መጠጣት ከጀመሩበት ቅጽበት ነው። ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ደም ይሰጣሉ። እስከዚያ ይቀመጡ፤ መንቀሳቀስ ስኳሩን ስለሚያቃጥል ውጤቱን ያዛባል። ካስመለስዎት ወዲያውኑ ይናገሩ፤ ምርመራው በሌላ ቀን ይደገማል።

ገደቦቹ በሚሊግራም በዴሲሊትር በባዶ ሆድ 92፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 180፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 153 ናቸው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ገደቡ ላይ ከደረሰ ወይም ካለፈ የእርግዝና ስኳር ነው። በሁለት ዙር የሚመረምሩ ሐኪሞችም አሉ፤ መጀመሪያ 50 ግራም ያለ ጾም፣ ውጤቱ ከፍ ካለ ደግሞ 100 ግራም በጾም። የዚያኛው ገደቦች የተለዩ ስለሆኑ የጓደኛዎን ወረቀት ከእርስዎ ጋር አያስተያዩ።

3. በቤት ውስጥ መለካት

ጠዋት ከመኝታ እንደተነሡ፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ ዋና ምግብ በኋላ ይለካሉ። በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች መሆን አለበት። በ2 ሰዓት የሚለኩ ከሆነ ከ120 በታች።

እጅዎን ሳይታጠቡ ጣትዎን አይውጉ። አንድ ቀን ብርቱካን ልጬ እጄን በመሐረብ ብቻ ጠረግሁና ለካሁ፤ መሣሪያው 168 አለኝ። ደንግጬ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ አድርቄ ሌላ ጣት ስወጋ 112 ሆነ። ጣት ላይ የቀረች የፍራፍሬ ጭማቂ ለዚህ ትበቃለች። ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸውና ከበሉት ምግብ ጋር በደብተር ይጻፉ። መሣሪያው ራሱ ቢመዘግብም እኔ ደብተሩን እመርጣለሁ፤ ምን እንደበሉ መሣሪያው አያውቅም።

4. አመጋገብ

ኃይል ሰጪ ምግብን አያጥፉት፣ ይከፋፍሉት። በሦስት መካከለኛ ምግብና በሁለት ወይም በሦስት መክሰስ ሲከፈል ስኳሩ በአንድ ጊዜ አይዘልም። ጠዋት ኢንሱሊን ይበልጥ ስለሚደክም በቁርስ ላይ ዳቦውን ቀንሰው እንቁላል ወይም ጥራጥሬ ይጨምሩ። ጭማቂ ግን ይቅር፤ ፍሬውን መብላት ይሻላል። ከምግብ በኋላ ለ15 ደቂቃ መራመድ የምግብ በኋላውን ቁጥር በግልጽ ያወርዳል።

5. የማይወርደው የጠዋት ቁጥር

በመጀመሪያው ሳምንት ከምግብ በኋላ ያሉት ቁጥሮቼ ከ118 እስከ 132 ነበሩ። የጠዋቱ ግን 98፣ 96፣ 101፣ 99። ማታ ብዙ የበላሁ መስሎኝ እራት ቀነስሁ፣ ቀጥሎም ጨርሶ ተውሁት። በሦስተኛው ጠዋት 103 ሆነ። ራሴን እያመመኝ ወደ ክትትሌ ስሄድ በሽንቴ ውስጥ ኪቶን ተገኘ፤ ይህም አካሌ ምግብ አጥቶ ስብ ማቃጠል መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። በእርግዝና ጊዜ መራብ አይገባም።

ሐኪሟ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ "እህቴ፣ የጠዋቱ ስኳር ከእራትሽ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ጉበትሽ ነው ሌሊቱን የሚለቀው።" ሰው በተኛበት ጉበት አካሉን ለመመገብ ስኳር ወደ ደም ይልካል፤ ሲበቃ የሚያስቆመው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊኑ በሆርሞኖቹ ከተዳከመ ጉበት መላኩን ይቀጥላል። ስለዚህ እራት መተው ጉበቱን አያስቆመውም።

የሚሞከረው ነገር ከመኝታ በፊት ትንሽ መክሰስ ነው፤ ለምሳሌ ያልጣፈጠ እርጎ ወይም ጥቂት ለውዝ። አንዳንዷን ይረዳታል። እኔን አልረዳኝም።

6. ኢንሱሊን መቼ?

በደንብ ተመግበው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ከለኩ በኋላ ቁጥሮቹ ደጋግመው ከገደቡ የሚያልፉ ከሆነ መድኃኒት ይጀመራል። አንድ ቀን ልደት ላይ ተበልቶ የመጣ 150 ምክንያት አይሆንም። በአልትራሳውንድ የጽንሱ ሆድ ከዕድሜው በላይ ገዝፎ ከታየ ግን ሐኪሙ ቶሎ ሊወስን ይችላል። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል፤ ጽንሱም የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፣ ይገዝፋል፣ ከተወለደ በኋላም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ኢንሱሊን ግን እንደ ስኳሩ ወደ ጽንሱ አያልፍም። ሜትፎርሚን የተባለው እንክብል ያልፋል፤ በእርሱ የሚጀምሩ ሐኪሞችም ስላሉ ምርጫውን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።

የኢንሱሊኑ ዓይነት ከፍ በሚለው ሰዓት ይወሰናል። ከምግብ በኋላ የሚዘል ከሆነ ከዚያ ምግብ በፊት ፈጣኑ ይሰጣል፤ ጠዋት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ቀስ ብሎ የሚሠራው ማታ። ለእኔ በመኝታ ሰዓት 10 ዩኒት ታዘዘልኝ፣ በየጥቂት ቀኑ 2 ዩኒት እየተጨመረ 16 ሲደርስ ጠዋቱ 88 ሆነ። መጠኑ የእኔ ብቻ ነው፤ የእርስዎን ሐኪምዎ ይወስናል።

ኢንሱሊን ከጀመሩ በኋላ ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ድንገተኛ ረሃብ ከተሰማዎ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ጭማቂ የሚፈቀደውም በዚህ ጊዜ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ስኳሩን በአልጋዎ አጠገብ ያስቀምጡ።

እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞኖቹም አብረው ስለሚወጡ ኢንሱሊኑ ከወሊድ በኋላ በአብዛኛው ይቆማል። የ75 ግራሙ ምርመራ ግን ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ይደረጋል፤ በዚያ ጊዜ የሚነበበው በሌሎች ገደቦች፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነ ሰው በተቀመጡት ነው።