«ያው የወንድሜ ነው»፦ ከአቅራቢ ጋር ከመፈራረም በፊት የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ በግዢ ሥራ ላይ ከተሰማራሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች የአቅራቢ ሰነድ ሲቀበሉ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው ማኅተሙ ላይ ነው። ክቡ ሰማያዊ ቀለም ካለ ወረቀቱን ወደ ፋይል ይከቱታል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ትልቁ ስህተት ሦስቱን ወረቀቶች አንድ በአንድ አይቶ፣ ጎን ለጎን ሳያስተያዩ ማለፍ ነው። የንግድ ምዝገባው ትክክል ነው፣ የንግድ ሥራ ፈቃዱ ትክክል ነው፣ የግብር ክሊራንሱም ትክክል ነው። ሦስቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን ግን ማንም አላረጋገጠም። ይህንን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነውና።

ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ወንበርና ጠረጴዛ እየገዛን ነበር። አቅራቢው በማለዳ ከኮምቦልቻ መጣና ሰነዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ክሊራንሱ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ማኅተሙ የግብር ከፋዩ ስም መጀመሪያ ላይ አርፎ ፊደሉን አደብዝዞታል። የአባቱና የአያቱ ስም ግን ከፈቃዱ ጋር ልክ ነው። በቃኝ፤ ውሉ ተፈረመ።

ዕቃው በጊዜው ገባ፤ ሥራውም የሚያስመሰግን ነበር። ችግሩ የመጣው በክፍያ ቀን ነው። የሒሳብ ሠራተኛችን የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ደረሰኝ ላይ የታተመውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከክሊራንሱ ጋር ስታስተያይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ተለያዩባት። «ጋሼ፣ ይህ ሰው ማን ነው?» ብላ ጠራችኝ። ደወልንለት። «ያው የወንድሜ ነው፤ አንድ ቤት ነን» አለ። እውነቱን ነው። ወንድማማቾች በመሆናቸው የአባትና የአያት ስማቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ማኅተሙ የሸፈነው የራሳቸው ስም ነበር። ፈቃዱና ደረሰኙ የእሱ፣ ክሊራንሱ የታላቁ። እሱ የግብር ዕዳ ስለነበረበት ክሊራንስ አላገኘም። ዕዳውን ከፍሎ የራሱን እስኪያመጣ ድረስ ክፍያው ለሦስት ወር ቆመ። ተማሪዎቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እየተማሩ፣ እኔ ጥፋቴን የሚያብራራ ደብዳቤ እጽፍ ነበር።

በእኛ አገር ስም መለያ አይሆንም፤ መለያው አሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሦስቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አስቀምጡ። አንድ ሰው ቁጥሩን ከፈቃዱ ላይ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ክሊራንሱ ላይ ይከተለው። ዓይን የሚጠብቀውን ነው የሚያየው፤ ጆሮ ግን 48 እና 84ን አያምታታም። የማይነበብ ኮፒ ከመጣ ዋናውን ጠይቁ። የሚፈርመው ሰው የፈቃዱ ባለቤት ካልሆነም ውክልናውን አይታችሁ፣ ውል የመፈረም ሥልጣን የሚሰጥ መሆኑን አንብቡ።

ሁለተኛው ስህተት ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደውሎ «አረጋገጥኩ» ማለት ነው። ስልኩን ያነሳው ማን እንደሆነ በምን አወቃችሁ? ፈቃዱን etrade.gov.et ላይ በቁጥሩ ፈልጉት፤ የባለቤቱን ስምና የሥራ ዘርፉን ከያዛችሁት ወረቀት ጋር አስተያዩ። ለክሊራንሱ ደግሞ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይዛችሁ ወደ ሰጠው የገቢዎች ቢሮ ሂዱ፤ ሩቅ ከሆነ በደብዳቤ ጠይቁ። የግብር ከፋይ መረጃ ምስጢር በመሆኑ የሰውዬውን ሒሳብ እንዲዘረዝሩላችሁ አትጠብቁ። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ደብዳቤ በዚህ ቁጥርና በዚህ ቀን ለዚህ ግብር ከፋይ ከእናንተ ወጥቷል? ኮምቦልቻ ከደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ «ሩቅ ነው» የሚል ሰበብ አልቀበልም።

የሥራ ዘርፍ ነገር አጭር ነው። አንድ ነጋዴ በአንድ መለያ ቁጥር ብዙ ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፤ እናንተ የምትፈልጉት የምትገዙት ዕቃ የተጻፈበትን ነው። የእህል ንግድ ፈቃድ ይዞ ብረት ሊያቀርብ የመጣ አጋጥሞኛል፤ ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

የመጨረሻው የቀን ጉዳይ ነው። ምዝገባው በየዓመቱ አይታደስም፤ የሚታደሰው ፈቃዱ ነው። «ምዝገባው አለኝ» የሚል አቅራቢ ፈቃዱ መታደሱን አልነገራችሁም። ክሊራንስም የሚናገረው እስከተጻፈበት ቀን ድረስ ስላለው ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ዕዳ አይታይበትም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ፣ ግንቦት ላይ ተፈርሞ መስከረም የሚያልቅ ውል ከሆነ፣ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት የታደሰ ፈቃድና አዲስ ክሊራንስ እንዲቀርብ የሚያስገድድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ አስገቡ። ከተፈረመ በኋላ በልመና የሚመጣ ወረቀት አይቼ አላውቅም።