«መጀመሪያ እንሞክረው» ሲባል፦ በሙከራ የሚጀምር ኢንቨስትመንትን በውሳኔ ዛፍ ማስላት

አዲስ አበባ ውስጥ የታሸገ እርጎ ለገበያ ማቅረብ የፈለገ ድርጅት አለ እንበል። 100 ሚሊዮን ብር አውጥቶ ሙሉውን የማምረቻ መስመር ዛሬውኑ ሊተክል ይችላል። ወይም 6 ሚሊዮን ብር መድቦ በትንሽ ማሽን እያመረተ ለአንድ ዓመት ለጥቂት ሱፐርማርኬቶች ያከፋፍልና ገበያውን አይቶ ይወስናል። ሦስተኛው ምርጫ ነገሩን መተው ነው።

ሙከራ ሁልጊዜ የብልህ ምርጫ ይመስላል። ግን ገንዘብ ይበላል፣ አንድ ዓመትም ይወስዳል፣ በዚያ ላይ ውጤቱ ሊያታልል ይችላል። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ ለማወዳደር የውሳኔ ዛፍ ይበቃል። እዚህ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱ እንዲታይ የተመረጡ ናቸው፤ የራስዎን ቁጥር ሲያስገቡም አካሄዱ አይለወጥም።

1. ዛፉን መሳል

ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ለዚህ የሚሸጡ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ለሁለት ምዕራፍ ሥራ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ይሳሉ። እርስዎ የሚወስኑበትን ቦታ በአራት ማዕዘን፣ ገበያው የሚወስንበትን በክብ ያመልክቱ።

የመጀመሪያው አራት ማዕዘን ሦስት ቅርንጫፍ አለው፦ ሙከራ፣ ቀጥታ ፋብሪካ፣ መተው። ሙከራው ወደ አንድ ክብ ይወስዳል፤ ከክቡ «ጥሩ ውጤት» እና «መጥፎ ውጤት» ይወጣሉ። በሁለቱም ጫፍ ላይ ሌላ አራት ማዕዘን ይሳሉ፦ ማስፋፋት ወይም ማቆም። ማስፋፋትን ተከትሎ ገበያው ጠንካራ ወይም ደካማ ሆኖ የሚገኝበት የመጨረሻው ክብ ይመጣል። «ቀጥታ ፋብሪካ» የሚለውም ወደዚሁ ዓይነት ክብ ይገባል።

ከሙከራው በኋላ ያለው አራት ማዕዘን እንዳይረሳ። በተለመደው የአዋጭነት ጥናት ሙከራውና ማስፋፋቱ እንደ አንድ ወጥ ፕሮጀክት ይሰላሉ፤ ውጤቱ መጥፎ ቢሆንም ማስፋፋት ግዴታ የሆነ ይመስላል። የሙከራው ዋጋ ግን ያለው በማቆም መብቱ ውስጥ ነው።

2. ጫፎቹ ላይ ብር ማስቀመጥ

ፋብሪካው ከተተከለ በኋላ የሚያስገባው የተጣራ ገንዘብ ወደ ተከላው ቀን ተመልሶ ሲሰላ፣ ገበያው ጠንካራ ከሆነ 180 ሚሊዮን፣ ደካማ ከሆነ 50 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። የተከላውን 100 ሚሊዮን ሲቀንሱ ጠንካራው +80፣ ደካማው −50 ይሆናል። የሙከራውን 6 ሚሊዮን እዚህ አይቀንሱ፤ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ይቀነሳል።

የማቆም ቅርንጫፍ በራሱ ዜሮ አይደለም። ያላለቀ የቤት ኪራይ ውልና የሠራተኛ ስንብት ክፍያ ይቀነሳሉ፤ ማሽኑ ሲሸጥ የሚገኘው ይደመራል። በእኛ ምሳሌ ተቻችለው ዜሮ ሆነዋል።

ከሙከራው በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ከአንድ ዓመት በኋላ ስለሆነ ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስ አለበት። በዓመት 25 ከመቶ ብንይዝ የከርሞ አንድ ብር ዛሬ 80 ሳንቲም ነው። ትንበያዎ የዋጋ ንረትን ያካተተ ከሆነ ይህ መቶኛም ማካተት አለበት። አንዱን ከንረት ጋር፣ ሌላውን ያለ ንረት መያዝ ዛፉን በሙሉ ያጣምመዋል።

3. ዕድሎቹ፦ ብዙው ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከሙከራው በፊት ገበያው ጠንካራ የመሆኑ ዕድል፤ 40 ከመቶ እንበል። ሁለተኛ፣ ገበያው እውነትም ጠንካራ ከሆነ ሙከራው «ጥሩ» የማለቱ ዕድል፤ 80 ከመቶ። ሦስተኛ፣ ገበያው ደካማ ሆኖ ሳለ ሙከራው ተሳስቶ «ጥሩ» የማለቱ ዕድል፤ 25 ከመቶ።

ስህተቱ የሚመጣው ሁለተኛውን ቁጥር ገልብጦ ከማንበብ ነው። «ሙከራው 80 ከመቶ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ውጤት ካሳየ ገበያው 80 ከመቶ ጠንካራ ነው» ይባላል። አይደለም። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከመቶኛ ወጥተው በቁጥር ያስቡት። እንደዚህ ያለ 100 ፕሮጀክት ቢኖር በ40ዎቹ ገበያው ጠንካራ ነው፣ በ60ዎቹ ደካማ። ከ40ዎቹ 32ቱ በሙከራ ጥሩ ውጤት ያሳያሉ። ከ60ዎቹ ደግሞ 15ቱ በስህተት ጥሩ ያሳያሉ። ጥሩ ውጤት ያሳዩት በድምሩ 47 ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ እውነተኞቹ 32ቱ ናቸው። ስለዚህ ከጥሩ ውጤት በኋላ ገበያው ጠንካራ የመሆኑ ዕድል 32 ለ47፣ ማለትም 68 ከመቶ ገደማ ነው። መጥፎ ካሳዩት 53 ውስጥ ደግሞ ገበያቸው ጠንካራ የሆነው 8 ብቻ ናቸው፤ 15 ከመቶ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 68ን ትቶ 80 የያዘ ሰው ከጥሩ ውጤት በኋላ ማስፋፋት 54 ሚሊዮን ያስገኛል ብሎ ያሰላል። ትክክለኛው ግን 80ን በ32/47፣ 50ን በ15/47 አባዝተው ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሲቀንሱ የሚገኘው 38.5 ሚሊዮን ነው። ባንክ ብድር ጠያቂውን እንዲህ ባለ ቁጥር ካመነው ጉድለቱ የሚታየው ፋብሪካው ከቆመ በኋላ ነው።

ከሦስቱ ቁጥሮች የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። ሙከራ በተፈጥሮው ወደ «ጥሩ» ያዘነብላል። ምርጥ ሱፐርማርኬት ይመረጣል፣ ባለቤቱ ራሱ እያዞረ ያከፋፍላል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲስ ነገር ለመቅመስ የሚገዛ ይበዛል። በእርጎ ላይ ደግሞ ጾም አለ። ሙከራው ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ቢቆይ የሚለካው የፍስክን ገበያ ነው። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም፣ የነሐሴ ፍልሰታና የገና ጾም አይታዩበትም፤ የሚቀረው የሰኔ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሙከራው ሙሉ ዓመት የተያዘለት። ቢያጥር 6 ሚሊዮኑ ይቀንሳል፤ የስህተት ዕድሉ ግን ከ25 ከመቶ ወደ ላይ ይወጣል።

«ጥሩ ውጤት» ምን ማለት እንደሆነም ሙከራው ሳይጀመር ይጻፍ፤ ለምሳሌ፦ «ዓመቱን ሙሉ፣ የጾም ሳምንታትን ጨምሮ፣ በአማካይ በሳምንት 1,200 ሊትር ከተሸጠና ተመላሹ ከመቶ 8 ካልበለጠ»። አስቀድሞ ካልተጻፈ ማንኛውም ውጤት ጥሩ ይሆናል፤ በተለይ ተመላሽ ዕቃ እንደ ሽያጭ ከተቆጠረ።

4. ከቀኝ ወደ ግራ ማጠፍ

አሁን ከዛፉ የቀኝ ጫፍ ተነስተው ወደ ግራ ይመለሱ፤ በየክቡ አማካዩን ያስሉ፣ በየአራት ማዕዘኑ የሚሻለውን ይምረጡ። ከጥሩ ውጤት በኋላ ማስፋፋት 38.5 ሚሊዮን ያስገኛል፣ ማቆም ዜሮ፤ ስለዚህ ይስፋፋል። ከመጥፎ ውጤት በኋላ ማስፋፋት ወደ 30 ሚሊዮን ያከስራል፤ ስለዚህ ይቆማል። 38.5ን በጥሩ ውጤት ዕድል፣ በ0.47፣ ሲያባዙ 18.1 ሚሊዮን ነው። ወደ ዛሬ ሲመለስ 14.5 ገደማ፤ የሙከራው 6 ሲቀነስ 8.5 ሚሊዮን ይቀራል።

ቀጥታ ፋብሪካው ደግሞ 40 ከመቶ ጊዜ 80 ያስገኛል፣ 60 ከመቶ ጊዜ 50 ያከስራል፤ አማካዩ +2 ሚሊዮን ነው። ሙከራው ያሸንፋል። ለሙከራው እስከ 12.5 ሚሊዮን ገደማ መክፈል ያዋጣል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጥታው ይሻላል።

ኤክሴል ላይ አንድ መስመር ነው። ሦስቱን ዕድሎች በቅደም ተከተላቸው ከ`B1` እስከ `B3` 0.4፣ 0.8 እና 0.25 ብለው ያስገቡ።

```
=(MAX(0,B1*B2*80-(1-B1)*B3*50)+MAX(0,B1*(1-B2)*80-(1-B1)*(1-B3)*50))*0.8-6
```

`MAX` የማቆም መብቱ ነው። እሱን ያወጣ ሰው ሙከራውን ከጥቅሙ ለይቶ ወጪውን ብቻ አስቀርቷል።

አማካዩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ 8.5 ሚሊዮን የሚባል ብር ማንም እጅ አይገባም። በሙከራው መንገድ፣ በዛሬ ዋጋ፣ 53 ከመቶ ዕድል 6 ሚሊዮን ይጠፋል፣ 15 ከመቶ 46 ሚሊዮን ይከሰራል፣ 32 ከመቶ 58 ሚሊዮን ይተረፋል። በቀጥታው መንገድ 50 ሚሊዮን የመክሰር ዕድል 60 ከመቶ ነው። ቤቱን አስይዞ ለሚበደር ሰው ከአማካዩ ይልቅ ይሄኛው ንጽጽር ይመዝናል።

5. ዛፉን መነቅነቅ

ሁሉንም ቁጥር ማነካካት አያስፈልግም። ሁለቱን ይፈትሹ።

አንዱ `B3` ነው። 25 ከመቶ የነበረውን የስህተት ዕድል 50 ቢያደርጉት የሙከራው ዋጋ ከ8.5 ወደ 2.5 ሚሊዮን ይወርዳል። 52 ከመቶ ላይ ከቀጥታው ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ ያለፈ ሙከራ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም ስለማይሻል ባይደረግ ይሻላል።

ሌላው የማሽኑ የከርሞ ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 መጨረሻ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ ለሚመጣ የማምረቻ መስመር አንድ ዓመት መጠበቅ እንዲህ ያለ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በምሳሌያችን የእርጎው ዋጋ ሳይጨምር ተከላው ብቻ በ17 ሚሊዮን ብር ከተወደደ የሙከራው ብልጫ ያልቃል። ስለዚህ ሙከራውን ከመጀመርዎ በፊት አቅራቢው ዋጋውን በምን ያህል ቅድመ ክፍያ ለአንድ ዓመት እንደሚያጸናልዎ ይጠይቁ። የሚከፍሉትንም ከ6 ሚሊዮኑ ላይ ደምረው ስሌቱን ይድገሙት።

6. ዓመቱ ሲያልቅ

የሙከራው 6 ሚሊዮን ቢያስፋፉም ቢያቆሙም ስለማይመለስ ከዚህ በኋላ ከስሌቱ ይወጣል። ውጤቱን አስቀድሞ ከተጻፈው መለኪያ ጋር ያስተያዩ፣ የዕለቱን የማሽን ዋጋ ያስገቡ፣ የዛፉን የቀኝ ግማሽ ብቻ እንደገና ያስሉ። ውጤቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ተከላው ከ100 ሚሊዮን ወደ 138.5 ሚሊዮን ከደረሰ ማስፋፋትና ማቆም እኩል ናቸው፤ ከዚያ ካለፈ ይቁም።