«ጉዳይ የለኝም፣ አትደንግጥ»፦ ከአገር ቤት የመጣ የድራማ ግብዣ

ከአገር ቤት ረዘም ያለ መልእክት ሲመጣ ልቤ ድንግጥ ይላል። እናንተም እንደዚሁ እንደሆናችሁ እገምታለሁ። ወይ የታመመ ሰው አለ፣ ወይ ተከራይ ለቋል፣ ወይ የሆነ ወረቀት ጊዜው አልፎበታል። አንድ ቀን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ቴሌግራሜ ጮኸ። ታናሽ እህቴ ናት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ደህና ወሬ አይመጣም ብዬ አንድ እግሬን በጫማ፣ አንዱን በካልሲ እንዳደረግኩ ቁጭ አልኩ።

መልእክቱ ይኸውና፣ እሷን አስፈቅጄ ነው፦

«ጋሽዬ እንዴት ነህ? ጉዳይ የለኝም፣ አትደንግጥ። እማዬም ደህና ናት፣ ተኝታለች። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። አንድ ነገር ላስቸግርህ። በሳምንት አንድ ክፍል ድራማ አብረን እንይ። ሁለታችንም በየራሳችን ጊዜ እስከ ቅዳሜ ማታ አይተን እንጨርስና እሁድ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ትደውልልኛለህ። ስለ ድራማው ብቻ ነው የምናወራው። ኪራዩንም ውክልናውንም በሌላ ቀን። ሳይመቸህ የቀረ ሳምንት ‹አላየሁም› በለኝ፣ አልቀየምም። የመጀመሪያው ክፍል ሊንክ ከታች አለልህ፣ 38 ደቂቃ ነው።»

ሳነበው መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፣ እውነቱን ለመናገር። በዚህ ሁሉ ሩጫ መሐል ድራማ? ሦስት ቀን ሳልመልስላት ቆየሁ። አራተኛው ቀን ላይ ስልኬን ወደ ላይ እየገፋሁ የስድስት ወር ንግግራችንን አየሁት። የባንክ ደረሰኝ ፎቶ። «ደረሰ?» «ደረሰ።» የመድኃኒት ማዘዣ ፎቶ። «ስንት ነው?» የውኃ ቆጣሪ ፎቶ። እህቴ ጉዳይ አስፈጻሚዬ ሆናለች። «እሺ፣ እንጀምር» ብዬ ጻፍኩላት።

አገር ቤት ቤት ያከራየ፣ እናት ያለው፣ ውክልና የሰጠ ሰው ሁሉ ይህ ነገር ይደርስበታል። ስለዚህ የእህቴን መልእክት ልብ ብላችሁ እዩት። የመጀመሪያው መስመር «ጉዳይ የለኝም» ይላል። ይህቺ ቃል ከሌለች ሰው ቀሪውን የሚያነበው «ገንዘቡን መቼ ልትጠይቀኝ ነው?» እያለ ነው። «እንቀራረብ፣ ተራራቅን» የሚል ወቀሳ የለውም። ቀኑና ሰዓቱ ተቆርጧል፣ የክፍሉ ርዝመት ተነግሯል፣ ሊንኩ ተያይዟል። መቅረትም ይቻላል። እናንተ ከውጭ ለወንድም ወይም ለእህት የምትልኩ ከሆነም እንደዚሁ አድርጉት። «አንድ ነገር እንይ እስቲ» ብሎ መተው ግን ዋጋ የለውም። «እሺ፣ ምን እንይ?» ትባባሉና እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ስህተታችን ልምጣ። የመጀመሪያው ብልጠት የእኔ ነበር። ለየብቻ ከምናይ ለምን በአንድ ጊዜ አናይም አልኩ። የቪዲዮ ጥሪ ከፍተን፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን እኩል ተጫንን። አምስት ደቂቃ አልሞላም። የእሷ ኔትወርክ ሲንገጫገጭ እኔ እቀድማለሁ፣ እኔ ሳስቅ እሷ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ትላለች። የእኔ ድምፅ በእሷ ስልክ አልፎ ተመልሶ ይሰማኛል። በመጨረሻም መብራት ሄደ። የእሷ ሐሳብ፣ ማለትም ለየብቻ አይቶ በኋላ ማውራት፣ ከእኔ ዘዴ ይሻል እንደነበር ያኔ ገባኝ። ስልኳ ላይ ያለው ኢንተርኔት የሚገዛው በፓኬጅ ነው። እኔ ቤት ዋይፋይ እንደልብ ነው። በአንድ ጊዜ እንይ ማለት በእሷ ፓኬጅ መጫወት ነው። ለብቻዋ ስታይ ግን የቪዲዮውን ጥራት 360 ላይ ታደርገዋለች። በስልክ ስክሪን ልዩነቱ ብዙም አይታይም፣ ዳታው ግን በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ብልጠትም የእኔ ነው። ኔትፍሊክስ አለኝ፣ የይለፍ ቃሉን ልስጣትና አንድ የፈረንጅ ተከታታይ እንይ አልኩ። አልሆነም። ከ2023 ወዲህ አንድ አካውንት ለአንድ ቤት ነው የሚሉት፣ ተጨማሪ ሰው በክፍያ ማስገባት የሚቻለውም አካውንቱ ባለበት አገር ለሚኖር ሰው ብቻ ነው። በዚያ ላይ የሚታየው ዝርዝር ከአገር አገር ይለያያል፣ እኔ ጋ ያለው እሷ ጋ ላይኖር ይችላል። ስክሪኔን ላጋራሽ ስላትም ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ታያት። ብልሽት አይደለም፣ እንዳይቀዳ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሁለት እሁድ በዚህ ባከነ።

ወደ አማርኛው ተመለስን። የአገር ቤት ጣቢያዎች ድራማዎቻቸውን ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ይጭናሉ፣ እሷም እኔም እናየዋለን፣ የማንም የይለፍ ቃል አያስፈልግም። ስትመርጡ በሳምንት አንድ ክፍል የሚወጣ ፈልጉ። ማንም ቀድሞ መሮጥ አይችልም። በየቀኑ የሚተላለፉትን የቱርክ ድራማዎች እህቴ ትወዳቸዋለች፣ ለዚህ ግን አይሆኑም። ለአንድ ሳምንት ሥራ ከበዛባችሁ አምስት ክፍል ይጠራቀማል፣ ከዚያ ድራማው ራሱ ዕዳ ይሆናል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የድራማውን ስም ብቻ ጽፋችሁ ከፈለጋችሁ ሌሎች ሰዎች ቀድተው የጫኑትም ይመጣል። ምስሉ በመስታወት እንደሚታይ ግራና ቀኙ የተገለበጠ፣ ድምፁ የቀጠነ ወይም መሐሉ የተቆረጠ ከሆነ የተቀዳ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ አይቼ እህቴ የምታወራው ትዕይንት እኔ ጋ የለም። «ሰርጉን አላየህም?» ትለኛለች። ምን ሰርግ? አሁን እሷ ሊንኩን ትልካለች፣ እኔ ራሴ ፍለጋ አልገባም። ከሊንኩ ሥርም «ክፍል 9» ብላ ቁጥሩን ትጽፋለች።

ሰዓቱም ጣጣ አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰዓት አይቀየርም፣ አሜሪካ ግን በዓመት ሁለቴ ይቀየራል። በአሜሪካ በጋ የእሷ ከምሽቱ 3 ሰዓት በእኔ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለትም 2 ሰዓት። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ወደ 7 ሰዓት ይወርዳል፣ በማርች ሁለተኛው እሁድ ይመለሳል። በመጀመሪያው ኖቬምበር እኔ እንደለመድኩት በ8 ሰዓት ደወልኩ። እሷ ጋ 4 ሰዓት ሆኗል። አንድ ሰዓት ጠብቃ ተኝታለች። ስልኳን ያነሳችው እማዬ ናት፣ «ምነው በደህና?» ብላ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮውን ስልኬ ካላንደር ላይ አስገብቼ የሰዓት ቀጠናውን የምሥራቅ አፍሪካ አደረግኩት። ስልኩ ራሱ ያስተካክላል።

ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ያላችሁ ሰዓታችሁ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። የእናንተ ችግር ሌላ ነው፣ በሰው ቤት ለምትሠራ እህት «እሁድ በ3 ሰዓት» የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። ለእሷ የድምፅ መልእክት ይሻላል። ድራማውን ባየች ቀን የመጣላትን ሁለት ደቂቃ ቀድታ ትልካለች፣ ወንድም በተራው ይመልሳል። ቪዲዮ ለማየት ጊዜ ካጣችም ወንድም ታሪኩን በድምፅ ይተርክላት። እኔ እንዲያውም የእህቴ አተራረክ ከድራማው ይበልጥብኛል።

«ጉዳይ የለም» የሚለውን ሕግ ማክበር ግን ከሁሉም ከብዶን ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እህቴ ስለ ድራማው እያወራች ዝም ዝም ትላለች። ቆይቶ ስሰማ ተከራዩ በዚያው ሳምንት ለቆ ነበር፣ ሕጉን ላለማፍረስ ብላ ውጣ ይዛዋለች። ይህ ትክክል አይደለም። ስለዚህ ጉዳይን ለብቻው ቦታ ሰጠነው። ቴሌግራም ላይ «የቤት ጉዳይ» የሚል ግሩፕ ከፈትን፣ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የውክልናው ፎቶ፣ የመድኃኒት ማዘዣ እዚያ ይገባል። ረቡዕ ማታ እከፍተውና አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ደረሰኝ ስፈልግም በድራማ ወሬ መሐል አልዳክርም። አስቸኳይ ከሆነ በማንኛውም ሰዓት ትደውላለች፣ ያ ሕግ የለውም።

ታዲያ እሁድ እሁድ ምን እናወራለን? ብዙውን ጊዜ ተራ ነገር። ከአገር ከወጣሁ 12 ዓመት ሆኖኛል፣ ወጣቶቹ የሚሉት ግማሹ አይገባኝም። አንዱ ገጸ ባሕርይ «ላሽ በል» ሲል ምን ማለቱ ነው ብዬ ጠይቄያት እስካሁን ሙድ ትይዝብኛለች። ቀረጻው የተደረገበትን ሰፈር እንገምታለን፣ እኔ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ፣ ሕንፃው ተቀይሯል።

ሰባተኛው ክፍል ላይ አንዲት እናት ነበረች። ሕመሟን ከልጆቿ ደብቃ፣ ዶክተር ጋ ሄድኩ ብላ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። እኔ ጸሐፊው አበዛው ብዬ አጣጣልኩት። እህቴ ዝም አለች። ከዚያ «እማዬም እንደዚህ ናት እኮ» አለችኝ። የስኳር ኪኒኗን «እንዲበረክት» ብላ በቀን ሁለት የታዘዘላትን አንድ እያደረገች ኖሯል። እኔ በየወሩ «መድኃኒት ተገዛ?» እላለሁ፣ «ተገዛ» እባላለሁ። መገዛቱማ ተገዝቷል። መዋጡን ጠይቄ አላውቅም። በማግስቱ እህቴ ወደ ሐኪም ወሰደቻት፣ ነገሩ ወደ «የቤት ጉዳይ» ግሩፕ ተዛወረ። አሁን ማዘዣው ላይ ያለው ቁጥርና የቀሩት ኪኒኖች በየረቡዑ ይቆጠራሉ።

እማዬ በነገሩ ገብታበታለች። ስልክ አትወድም፣ ድራማውን በቴሌቪዥን ነው የምታየው፣ ስለዚህ ሁሌም ከእኛ ትቀድማለች። በሕማማት ሳምንት ድራማ አይታይም ብላ አውጃ ሁለታችንም አንድ ክፍል ዘለልን። ያለፈው ቅዳሜ ከእህቴ የመጣው መልእክት ይህ ነው፦ «ክፍል 31 ወጥቷል። እማዬ አይታዋለች፣ ስትደውልላት ስለ ልጁ እንዳትጠይቃት። አፏ አያስችላትም።»