ስንት ሕፃን፣ ስንት መንደር? በማኅበረሰብ ደረጃ ለሚሠራ ጥናት ሁለት መቶኛዎችን ለማወዳደር የናሙና መጠን እንዴት ይሰላል

በጤና ሳይንስ የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ሰው 384 የሚለውን ቁጥር ያውቀዋል። ስርጭቱ 50% ነው ይባላል፣ የስህተት ህዳጉ 5% ይደረጋል፣ ምላሽ ለማይሰጡ 10% ይጨመርና 423 ይሆናል። ይህ ስሌት የሚያገለግለው በአንድ አካባቢ የአንድ ነገር መቶኛ ስንት እንደሆነ ለመገመት ነው። ሁለት ቡድኖችን ሊያወዳድር የተነሳ ጥናት 423 ብሎ ሲጀምር ሳይ ያሳስበኛል። በስሌቱ ውስጥ የምንፈልገው ልዩነት የትም ቦታ አልገባም።

በምሳሌ እንሂድ። በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የእጅ መታጠብ ሥራ ልንሠራ አስበናል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ያስተምራሉ፣ ሳሙናና ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ይታደላል። ከስድስት ወር በኋላ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ ይዟቸው እንደነበር እናቶችን እንጠይቃለን። ከዚህ በታች ያሉት የአካባቢው ቁጥሮች ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው።

መጀመሪያ፦ ሁለቱን መቶኛዎች መወሰን

ሥራው ባልደረሰባቸው መንደሮች ተቅማጥ የሚይዛቸው ሕፃናት ስንት በመቶ ናቸው? ብዙዎች የሚያነሱት በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው፤ እዚያ አገራዊው መጠን 12% ነው። ነገር ግን ያ መረጃ የተሰበሰበው ከጥር እስከ ሰኔ ሲሆን፣ የአገር አማካይ እንጂ የአንድ ዳርቻ ሰፈር መጠን አይደለም። የእናንተ ቆጠራ ክረምት ላይ ከዋለ ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። በዚያው ወቅት፣ በዚያው አካባቢ ትንሽ የቅድመ ጥናት ዳሰሳ ማድረግ ይሻላል። የእኛ ዳሰሳ 20% አሳየ እንበል።

ሁለተኛው መቶኛ ግን ከመረጃ የሚገኝ ሳይሆን የሚወሰን ነው። ጤና ጣቢያው ሥራውን ለመቀጠል የሚያበቃው ትንሹ ለውጥ የትኛው ነው? ከ20% ወደ 12% መውረድ በቂ ነው ብንል ልዩነቱ 8 ነጥብ ነው። ናሙናው እንዲያንስ ብሎ 20% ወደ 5% ይወርዳል ማለት የተለመደ ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ጥናት መጨረሻ ላይ «ልዩነት አልተገኘም» ብሎ ይደመድማል፤ እውነተኛውና ጠቃሚው የ8 ነጥብ ለውጥ ግን ሳይታይ ያልፋል።

ቀጥሎ፦ መሠረታዊው ስሌት

ሌሎቹ ሁለት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ ልማዳዊ ናቸው። ልዩነት ሳይኖር አለ ብሎ ለመሳሳት የምንፈቅደው ዕድል 5% ነው፤ ቁጥሩ 1.96 ይሆናል። ፓወር ደግሞ ልዩነቱ በእርግጥ ካለ ጥናቱ የማግኘት ዕድሉ ነው። 80% ስንል ቁጥሩ 0.84 ነው።

```
n = (1.96 + 0.84)^2 * [p1(1-p1) + p2(1-p2)] / (p1-p2)^2
n = 7.84 * (0.16 + 0.1056) / 0.0064 = 325.4
```

ወደ ላይ ስናጠጋው በየቡድኑ 326 ሕፃናት ይሆናል። በ R ብትሞክሩት 328.5 ገደማ ይሰጣችኋል፤ ቀመሩ በጥቂቱ ስለሚለይ ነው እንጂ ስህተት አይደለም።

```
power.prop.test(p1=0.20, p2=0.12, power=0.80)
```

የመነሻው መቶኛ ከገመትነው ቢያንስስ? 20% ያልነው 15% ሆኖ፣ ቅነሳው በዚያው ምጣኔ ወደ 9% ቢወርድ 457 ሕፃናት ያስፈልጋሉ። ለዚህ ነው የቅድመ ዳሰሳው ድካም የሚያዋጣው።

ዋናው ነገር፦ መንደሩን መቁጠር

እስካሁን የሠራነው እያንዳንዱ ሕፃን ለብቻው ዕጣ የወጣለት ይመስል ነው። የእኛ ዕጣ ግን የሚወጣው ለመንደር ነው፤ ከአንድ ቦኖ የሚቀዱ ጎረቤታሞችን ለያይቶ አንዷን አስተምሮ ሌላዋን መተው አይቻልም። የአንድ መንደር ሕፃናት ደግሞ ውኃቸው አንድ ነው፣ ልጆቹ የሚጫወቱት አብረው ነው፣ ተቅማጡም አንዱን ሲይዝ ሌላውን ይነካል። ስለዚህ ከዚያው መንደር የሚጨመረው 30ኛ ሕፃን ከአዲስ መንደር እንደመጣ ሕፃን ያህል አዲስ መረጃ አይሰጥም።

የዚህ መመሳሰል መለኪያ አይ ሲ ሲ ይባላል። 0.02 ነው ብንልና ከየመንደሩ 30 ሕፃናት ብንወስድ፣ ናሙናው ስንት እጥፍ መሆን እንዳለበት የሚነግረን ዲዛይን ኢፌክት፣ በአጭሩ DE፣ እንዲህ ይሰላል፦

```
DE = 1 + (30-1) * 0.02 = 1.58
326 * 1.58 = 515.1
```

በየቡድኑ 516 ሕፃናት፣ ለ30 ሲካፈል 17.2፣ ማለትም 18 መንደር ያስፈልጋል። «ዲዛይን ኢፌክት 2 ወስደናል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ግን በዚሁ አይ ሲ ሲ 2 የሚሆነው ከየመንደሩ 51 ሕፃናት ሲወሰዱ ነው። ቁጥሩ ከእናንተ መንደር መጠን ጋር መሄዱን ሳታዩ አትቀበሉት። አይ ሲ ሲ 0.05 ከሆነ 18 የነበረው 27 መንደር ይሆናል፤ ስለዚህ ከተመሳሳይ አካባቢ ጥናቶች ያገኛችሁትን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ሁለቱንም አስሉ።

አንድ ጊዜ እንድገመግም የተሰጠኝ ዕቅድ አንድ መንደር ለሥራው፣ አንድ መንደር ለማነጻጸሪያ መርጦ ከየመንደሩ 326 ሕፃናት ሊወስድ ነበር። ዲዛይን ኢፌክቱ 7.5 ስለሆነ 326ቱ የሚመዝኑት 43 ሕፃናትን ያህል ነው። ከዚያም የባሰ ችግር አለበት፤ የታየው ልዩነት ከሳሙናው ይሁን ከመንደሮቹ ተፈጥሮ የሚለይበት መንገድ የለም። ሕፃናት በመጨመርም አይስተካከልም። መሠረታዊውን ናሙና በአይ ሲ ሲ ስታባዙት፣ 326 በ0.02 ማለት ነው፣ 6.52 ይመጣል። በየቡድኑ ከ7 መንደር በታች ከሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ሕፃን ብትመዘግቡ 80% ፓወር አይደረስም።

የሚቀሩትን መጨመር

አካባቢው ተከራይ የሚበዛበት ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ቤት የሚቀይር ይኖራል። 10% ይጠፋሉ ካልን 30ን በ0.9 እናካፍላለን፤ 33.3 ስለሚመጣ ከየመንደሩ 34 ሕፃናት እንመዘግባለን። መንደሮቹ ጥቂት ስለሆኑም በየቡድኑ አንድ እንጨምራለን። ድምሩ 38 መንደርና 1,292 ሕፃናት ነው። መንደሮቹ ሲመረጡ አንድ ቦኖ የሚጋሩ ሁለት መንደሮች በተለያየ ቡድን እንዳይወድቁ ተጠንቀቁ፤ ትምህርቱ ወደ ማነጻጸሪያው ከተሻገረ የ8 ነጥቡ ልዩነት ራሱ ይጠባል።

ያለው መንደር ጥቂት ከሆነ

በጀቱ የሚችለው በየቡድኑ 6 መንደር ብቻ ነው ተባለ እንበል። «516 ሕፃናቱ እስካልቀነሱ ምን ችግር አለው?» የሚል ይነሳል። ከየመንደሩ 86 ማለት ነው፤ ዲዛይን ኢፌክቱ 2.7፣ የ516ቱ ክብደት 191። ፓወሩን ወደ ኋላ ስናሰላ፦

```
z = 0.08 / sqrt(0.2656/191) - 1.96 = 0.19
```

ይህ 57% ገደማ ነው፤ የመንደሮቹ ቁጥር አነስተኛነት ሲታሰብ ከዚያም ይወርዳል። ሥራው በእርግጥ ተቅማጥ ቢቀንስ እንኳ ጥናቱ ያን ሳያይ የመቅረት ዕድሉ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረውም። በዚህ ጊዜ እኔ የምመርጠው ከየመንደሩ የሚመዘገበውን ሕፃን ቀንሶ የተረፈውን ገንዘብ ለተጨማሪ መንደሮች ማዋል ነው። ያ ካልተቻለ ዋናውን መለኪያ ሰፊ ለውጥ ወደሚጠበቅበት ነገር፣ ለምሳሌ በመጸዳጃው አጠገብ ውኃና ሳሙና መኖሩን በዓይን አይቶ ወደ መመዝገብ፣ መቀየርና ስሌቱን ከመጀመሪያው መድገም ይሻላል።