ገንዘቡ ተቀንሶ መልስ ያልመጣበት ፈጣን ክፍያ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት። ከላኪው ሂሳብ ገንዘቡ ተቀንሷል፣ ስክሪኑ ላይ «በሂደት ላይ» የሚለው ጽሑፍ አልጠፋም፣ ተቀባዩም ምንም አልደረሰኝም ይላል። የግብይት መዝገቡ ሲከፈት «የመልስ ጊዜ አልቋል» ከማለት በቀር ተሳካም ከሸፈም አይልም። ኔትወርኩን፣ ቀሪ ሂሳቡንና የሂሳብ ቁጥሩን አስቀድማችሁ አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ምክንያት። የመልስ ጊዜ አለቀ ማለት ክፍያው ከሸፈ ማለት አይደለም። መጠበቅ ያቆመው የላኪው ባንክ ሲስተም ብቻ ነው። ትዕዛዙ ከላኪው ባንክ ባንኮችን እርስ በርስ ወደሚያገናኘው ማዕከል፣ ወደ ስዊቹ፣ ከስዊቹ ወደ ተቀባዩ ባንክ ይሄዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ከአራቱ ጉዞዎች አንዱ ቢቋረጥ ለላኪው የሚታየው ያው ዝምታ ነው።

ትዕዛዙ ከላኪው ባንክ ጭራሽ ሳይወጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ አልፎ አልፎ ነው፣ ከወጪ መልእክት መዝገቡ ወዲያው ይታወቃል። ደጋግሜ የማየው ግን ገንዘቡ ገብቶ መልሱ የዘገየበትን ነው። አንዱን ጉዳይ በሰከንድ ልዘርዝረው። ላኪው 5,000 ላከ። ባንኩ ገንዘቡን ይዞ የክፍያ መልእክቱን (pacs.008) ለቀቀ። በ4ኛው ሰከንድ የተቀባዩ ባንክ 5,000ውን በደንበኛው ሂሳብ መዘገበ። የማረጋገጫው መልእክት (pacs.002) ግን በተጨናነቀ መስመር ላይ ወረፋ ያዘ። በ20ኛው ሰከንድ የላኪው ባንክ ጥበቃውን ዘጋ። በ23ኛው ሰከንድ «ተሳክቷል» የሚለው መልስ ሲደርስ፣ በደካማ እጅ የተጻፈው ፕሮግራም «የተዘጋ ግብይት ነው» ብሎ ጣለው። ተቀባዩ የጽሑፍ መልእክት ስላልመጣለት አልደረሰኝም አለ፤ ሂሳቡን ቢከፍት ኖሮ ገንዘቡን እዚያው ያገኘው ነበር።

አሁን ባንኩ በ20ኛው ሰከንድ 5,000ውን ለላኪው መልሶ ቢሆን ምን ይፈጠር ነበር? ላኪውም ተቀባዩም ገንዘቡን ይዘዋል። ስዊቹ ደግሞ በሂሳብ ማወራረጃው ጊዜ 5,000ውን ከላኪው ባንክ ላይ ይቀንሳል። ጉድለቱ የባንኩ ነው፤ ሁለቱ ደንበኞች ገንዘቡን ካወጡት ማስመለሱ የወራት ደብዳቤ ይሆናል። በተቃራኒው ሳያጣራ «ተሳክቷል» ቢል፣ ገንዘቡ ሳይደርስ ላኪው ዕቃ ሊረከብ ይችላል። ባንኩ ዝም ብሎ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። መጠበቁ ግን ገደብ አለው። ለምሳሌ የህንድ ማዕከላዊ ባንክ በ2019 ባወጣው ደንብ፣ UPI በተባለው የአገሪቱ ፈጣን የክፍያ ሥርዓት ተልኮ ተቀባዩ ሂሳብ ያልገባ ገንዘብ እስከ ማግስቱ ካልተመለሰ ለደንበኛው በየቀኑ 100 ሩፒ ካሳ ይከፈላል።

መፍትሄ። ክፍያውን እንደገና አትላኩ። በአዲስ መለያ ቁጥር የተላከ ትዕዛዝ ለስዊቹ ሌላ ክፍያ ነው። አንድ ፕሮግራመር «መልስ እስኪመጣ ሦስት ጊዜ ሞክር» የሚል ትዕዛዝ ጽፎ ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ መለያ እንዲፈጠር አድርጎ ነበር። የአንድ ደንበኛ የቤት ኪራይ ሦስት ጊዜ ተከፈለ። አከራዩ ሁለቱን ለመመለስ አልቸኮለም።

መደረግ ያለበት በመጀመሪያው መለያ ቁጥር የሁኔታ ጥያቄ (pacs.028) መላክ ነው። መልሱ «ተሳክቷል» ወይም «ውድቅ ሆኗል» ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። አደገኛው «አልተገኘም» የሚለው ነው። ጥያቄው መጀመሪያ የተላከውን ትዕዛዝ ቀድሞት ሊደርስ ይችላል፤ ትዕዛዙ ወረፋ ላይ ቆይቶ ከደቂቃ በኋላ ይፈጸማል። በ«አልተገኘም» ላይ ተመሥርቶ ገንዘብ የመለሰ ሠራተኛ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ስዊቹ ትዕዛዙን የማይቀበልበት የመጨረሻ ጊዜ እስኪያልፍ ጠብቃችሁ እንደገና ጠይቁ።

አሁንም ካልታወቀ የዕለቱን የማወራረጃ ፋይል ክፈቱ። መለያ ቁጥሩ በዚያ ከሌለ ገንዘቡ ከባንኩ አልወጣም፤ ለላኪው ይመለስ። ካለ ግን ገንዘቡ በተቀባዩ ባንክ እጅ ነው። ለደንበኛው መመዝገብ ወይም መልሶ መላክ የእሱ ድርሻ ነው፤ እናንተ ከመለሳችሁ ከኪሳችሁ ነው የምትከፍሉት።

በእጅ ከመመለሳችሁ በፊት የሌሊቱ አውቶማቲክ የመመለሻ ሥራ ይህንኑ ግብይት ወረፋ ላይ መያዙን ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛዋ መለሰች፣ ሌሊት ደግሞ ሲስተሙ መለሰ። ደንበኛው 5,000 ልኮ 10,000 ተመለሰለት፣ ጠዋት ልንደውልለት ስንል ሂሳቡ ባዶ ነበር።