ግድግዳ ስታፈርሱ የቢሙን ጫፍ አትርሱ

ሁለት ክፍል አንድ ለማድረግ ግድግዳ የሚያስፈርስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ምን ዓይነት ቢም ልግዛ?" ብሎ ነው። ቢሙ በምን ላይ እንደሚያርፍ የሚጠይቀኝ አንድም የለም። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንኳኩቶ መፍረድ

"ባዶ ድምፅ አለው፣ አይሸከምም" ይላሉ። ድምፁ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ እንጂ ምን እንደተሸከመ አይናገርም። ባለ ቀዳዳ ብሎኬትም ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን የአርማታ ወለል፣ ይሸከማል። ቀጭን ስለሆነም ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ይልቅ ወደ ላይ ውጡ። በዚያው መስመር ሌላ ግድግዳ ቆሟል? የወለሉ እንጨቶች ጫፋቸው እሱ ላይ አርፏል? ኮርኒስ ውስጥ ገብታችሁ እዩ፣ የጣሪያው ድጋፍ ወርዶ የቆመበት ሊሆን ይችላል። ቤቱ በአርማታ ኮለንና ቢም የቆመ ከሆነ፣ መሃል የተሞላው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ጭነት የለበትም። "ብዙ ጊዜ" ያልኩት በምክንያት ነው። ሶሌታው ከዓመታት በኋላ ትንሽ ጎብጦ ግድግዳው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ግድግዳው ቤቱን ከጎን ግፊት ደግፎም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዶሻ ከመነሳቱ በፊት መሐንዲስ ይየው።

ስለ ሽቦና ቧንቧ አልናገርም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ትልቅ ቢም ገዝቶ ደካማ ብሎኬት ላይ ማስቀመጥ

እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል። አንድ ምሳሌ እንሥራ። የሚከፈተው ቦታ 3 ሜትር ነው። ከግድግዳው ግራና ቀኝ ያለው ሶሌታ እያንዳንዱ 4 ሜትር ይሄዳል። ከየጎኑ ግማሹ፣ ማለትም 2 ሜትሩ፣ ወደዚህ ግድግዳ ይመጣል። በጠቅላላው 4 በ3፣ 12 ካሬ ሜትር ማለት ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ሶሌታ ከነወለሉ፣ ከነዕቃውና ከነሰዉ በግርድፉ በካሬ 650 ኪሎ ብንለው፣ ወደ 8 ቶን ይጠጋል። ከላይ ግድግዳ ካለ ደግሞ ይጨምራል።

ይህ ጭነት ትናንት 3 ሜትር ሙሉ ተበትኖ ነበር የሚወርደው። ዛሬ በሁለት ጫፍ ብቻ ይወርዳል፣ በእያንዳንዱ 4 ቶን። ጫፉ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ካረፈ፣ እያንዳንዷ ካሬ ሳንቲ ሜትር 18 ኪሎ ገደማ ይደርሳታል። በዚያ ላይ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ ጭነቱ የሚያርፈው በቀጫጭን ግድግዳዎቹ ላይ ነው።

አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱ "ፎቅ ላይ ያለው በር ወለሉን እየፋቀ አልዘጋ አለኝ፣ ቢሙ ጎብጦ ነው" አለኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሬ አየሁት፣ ቢሙ ቀጥ ብሏል። ከዚያ በአንዱ ጫፍ ስር ልስኑን ፈቀፈቅሁ። የላይኛው ብሎኬት ፊቱ ተላቅቋል፣ ስንጥቁ ሁለት ረድፍ ቁልቁል ወርዷል። ቢሙ ሳይጎብጥ ከነጭነቱ ሰምጧል።

መፍትሔው ጫፉ ስር ያሉትን ብሎኬቶች አውጥቶ የአርማታ መቀመጫ መሥራት ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ከፍታ የተለመደ መነሻ ነው፣ ልኩን ስሌቱ ይወስናል። ከስሩ ያሉት ቀዳዳዎችም በአርማታ ይሞሉ። እዚያ ቤት ግን ከክፍተቱ እስከ መስኮቱ የቀረችው ግድግዳ አጭር ነበረች። ስለዚህ ከመሠረት የሚነሳ ኮለን አስፈለገ።

ፑንቴሎ በአንድ ወገን መትከል

ፑንቴሎ ቢሙ ገብቶ እስኪጸና ሶሌታውን ለጊዜው የሚይዝ ምሰሶ ነው። ጭነቱ ከሁለቱም ወገን ነው የሚመጣው፣ ድጋፉም ከሁለቱም ይሁን። ከላይ ሞራሌ፣ ከስር ጣውላ ይኑር። ከስር ሌላ ፎቅ ካለ እዚያም በትክክል በስሩ ይደገፍ። ፑንቴሎውን ጥብቅ አድርጉት፣ ግን ሶሌታውን ለማንሳት አትታገሉ። የላዩን ግድግዳ ትሰነጥቁታላችሁ።

ከቢሙ በላይ ያለውን ክፍተት በቀጭን ማልታ መሙላት

ውሃ የበዛበት ማልታ ሲደርቅ ይኮማተርና ክፍተት ይተዋል። ፑንቴሎው ሲነሳ ሶሌታው ያንን ክፍተት ይወርድበታል። አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ፣ በጭብጥ ሲያዝ ቅርፁን የሚጠብቅና ውሃ የማያንጠባጥብ ይሁን። በእንጨት እየጠቀጠቃችሁ አስገቡት።

ጥቂት ቀን ይጠንክር። ከዚያ ፑንቴሎዎቹን ከመሃል ጀምራችሁ በጥቂት በጥቂቱ አላሉ፣ አንዱን ጨርሶ ነፃ አውጥቶ ወደሌላው መሄድ የለም። ከመጀመራችሁ በፊት የቢሙን መሃል ከፍታ ለኩ፣ ካላላችሁ በኋላም ድገሙት። ለ3 ሜትር ቢም የተለመደው ገደብ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ጫፉ ስር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካያችሁ፣ ፑንቴሎውን መልሳችሁ አጥብቁና መሐንዲሱን ጥሩ። ልስኑ የሚመጣው ይህ ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው።