በኦቢቪ ንባብ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጆ ግራንቪል በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው ኦን ባላንስ ቮልዩም፣ ባጭሩ ኦቢቪ፣ የአክሲዮንን ዋጋ ከግብይቱ ብዛት ጋር የሚያያይዝ መለኪያ ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። አክሲዮኑ ከትናንት በላይ ከዘጋ የዕለቱ ቮልዩም፣ ማለትም የተገበያየው አክሲዮን ብዛት፣ በሙሉ ይደመራል፤ በታች ከዘጋ በሙሉ ይቀነሳል፤ እኩል ከዘጋ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አክሲዮን ሰኞ በ50 ዶላር ዘጋ፤ ኦቢቪን ከዜሮ እንጀምር። ማክሰኞ በ51.00 ሲዘጋ 800 ሺህ አክሲዮን ተገበያየ፤ ኦቢቪ 800 ሺህ ሆነ። ረቡዕ በ50.98 ዘጋ፤ ቮልዩሙ 300 ሺህ ስለነበር ወደ 500 ሺህ ወረደ። ሐሙስ ዋጋው ስላልተነቃነቀ 600 ሺው ግብይት አልተቆጠረም። ዓርብ በ200 ሺህ ቮልዩም ወደ 52.00 ወጣ፤ ኦቢቪ 700 ሺህ ደረሰ። ዋጋው የማክሰኞውን ጫፍ አልፏል፤ ኦቢቪ ግን አላለፈም። ዳይቨርጀንስ የሚባለው ይህ ነው፤ ጭማሪውን የደገፈው ግብይት መቀነሱን ይጠቁማል።

በጥቂት ሳንቲም ለውጥ የመጣን ምልክት ማመን። ረቡዕና ሐሙስ በ50.98 ፋንታ በ51.01 ዘግተው ቢሆንስ? የረቡዕ 300 ሺህ በመቀነስ ፈንታ ይደመርና ኦቢቪ ዓርብ 1.3 ሚሊዮን ይሆናል፤ ዳይቨርጀንሱም ይጠፋል። በሦስት ሳንቲም ልዩነት 300 ሺህ አክሲዮን ጎን ቀይሮ ኦቢቪን በ600 ሺህ ለወጠው ማለት ነው። ስለዚህ በአምስት ቀን ጫፎች ላይ አይፍረዱ፤ ሳምንታት የሚራራቁ ጫፎችን ያነጻጽሩ። ልዩነቱን የፈጠረው አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ የዚያን ቀን መዝጊያ ከቀደመው ቀን ጋር ያስተያዩ።

ቁጥሩን ራሱን ማንበብ። መነሻው የሚወሰነው ቻርቱ በጀመረበት ቀን ነው። «ኦቢቪ 40 ሚሊዮን ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ሁለት አክሲዮኖችን በዚህ ማወዳደርም አይቻልም። የሚነበበው የመስመሩ አቅጣጫና ጫፎቹ ናቸው።

ያበጠ ቀንን አለማጣራት። በአሜሪካ ገበያ በመጋቢት፣ ሰኔ፣ መስከረምና ታኅሣሥ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ሦስተኛ ዓርብ፣ የኦፕሽንና የፊውቸር ውሎች አብረው ስለሚያበቁ ቮልዩም ይንራል። ያ ግብይት ገዢ በዛ ወይም ሻጭ በዛ አያሰኝም፤ ኦቢቪ ግን በሙሉ ወደ አንድ ጎን ይጥለውና መስመሩ ከዚያ ወዲያ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ቀን በፊት ያለን ጫፍ ከኋላው ካለ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

በፎሬክስ፣ ማለትም በውጭ ምንዛሪ ግብይት፣ ላይ እንደ አክሲዮን መጠቀም። ሜታትሬደር በተባለው የግብይት ፕሮግራም ላይ ለፎሬክስ የሚታየው ብዙ ጊዜ ቲክ ቮልዩም፣ ማለትም ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተለወጠ የሚቆጥር ነው። ስንት ገንዘብ እንደተገበያየ አይናገርም፤ ከብሮከር ብሮከርም ይለያያል።

ዳይቨርጀንስ እንደታየ መሸጥ። ዋጋው ከኦቢቪ ጋር ተለያይቶ ለወራት ሊወጣ ይችላል። ዋጋው ራሱ በሁለቱ ጫፎች መካከል ካለው ዝቅተኛ መዝጊያ በታች እስኪዘጋ መጠበቅ ይሻላል፤ በምሳሌያችን ያ 50.98 ነው።